ከድስት ሥር ያለ ማኅተም ምን ያህል ይታመናል?

አንድ ድስት ማን እንደሠራው ሲጠየቅ ሰው ሁሉ ገልብጦ ሥሩን ያያል። እዚያ የተመታ ስም ካገኘ ነገሩ አለቀለት። እኔ ግን እዚያ ማቆም አልቻልሁም። ስሙን ማን አሳረፈው? ድስቱን የሠራው እጅና ስሙን ያሳረፈው እጅ አንድ ለመሆናቸውስ ማስረጃው ምንድን ነው?

የማስበው በአንድ ድስት ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ከአሊዩ አምባ ፎቶውን በስልክ ልካልኝ ከምን እንደተሠራና ማን እንደሠራው ጠየቀችኝ። ድስቱ ግራጫ ነው፤ ሥሩ ጠቁሯል፤ ሁለት ጆሮና ክዳን አለው። ሥሩ ላይ በክብ የዞሩ የላቲን ፊደላትና 26 የሚል ቁጥር ይታያል።

ከቀለሙ እንጀምር ይባል ይሆናል። ነገር ግን ቢጫ አምፖል ሥር የተነሣ አሉሚኒየም ናስ ይመስላል፤ ጭስ ደግሞ ሁሉንም ያመሳስላል። ስለዚህ ቀለምን ትቼ መብራት ወደማይለውጠው ነገር እሄዳለሁ፤ እርሱም ብረቱ እንዴት ቅርጽ እንደያዘ ነው።

ከላሜራ የተሠራ ድስት ስስ ነው። በቶርኖ ከተሳበ ከመሐል ወደ ውጭ የሚሰፉ ቀጫጭን ክቦች ይቀሩበታል። ላሜራ ከራሱ ጆሮ ማውጣት ስለማይችል ጆሮው በሪቬት ይመታል ወይም ይበየዳል። ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ግን ወፍራም ነው፤ ቆዳው ሻካራ ነው፤ ጆሮው ከገላው ጋር አብሮ ይወጣል።

በዚህ ድስት ጆሮ ሥር የሪቬት ራስ የሚመስሉ ሁለት እብጠቶች አሉ። እንግዲያው ላሜራ ነው? ፎቶውን አሰፋሁት። እውነተኛ ሪቬት ከገላው የተለየ ቁራጭ ስለሆነ በራሱ ዙሪያ ቀጭን ስንጥቅ ይኖራል፤ ስብና ጥላሸት እዚያ ገብቶ ጥቁር ክብ ይሠራል። እዚህ ክብ የለም። ሻካራው ቆዳ ከገላው ተነሥቶ በእብጠቱ ላይ አልፎ ሳይቋረጥ እስከ ጆሮው ይደርሳል። እነዚህ ሪቬቶች ሳይሆኑ የሪቬት ቅጂዎች ናቸው። ድስቱ የፈሰሰ ነው።

የፈሰሰ ብረትስ ቢሆን? ብረት ዘይቱ ሲለቀው በተጫረበት ቦታ ቀይ ዝገት ያወጣል። እዚህ ጭረቱ ነጭ ሆኖ ያበራል። ስለዚህ አሉሚኒየም ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ስሙ። ፋብሪካ በብረት ማኅተም ሲመታ ፊደሉ ይሰረጉዳል፣ ጠርዙም ስለታም ይሆናል። የዚህ ድስት ፊደላት ሰርጉደዋል፤ ጠርዛቸው ግን ዶልዱሟል፣ ወለላቸውም እንደ ቀሪው ገላ ሻካራ ነው። ዕድሜና ፍትጊያ አዶልዱሞት ይሆናል ብሎ የሚከራከረኝ አለ። ይህ ብርቱ ክርክር ነው። ነገር ግን ፍትጊያ ከፍ ያለውን ያለሰልሳል እንጂ የጉድጓዱን ወለል አያሻክርም። የሪቬቶቹ ቅጂም በዚሁ በኩል ይመሰክራል። አንድ አቅላጭ የፋብሪካ ድስት አሸዋ ላይ ጭኖ ቅርጹን ወስዷል፤ ስሙም ከቅርጹ ጋር ተወስዷል። ለማታለል አስቦ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ አሸዋ የነካውን ሁሉ ይቀዳልና።

ቁጥሩስ? በድስት ሥር 26 ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የአፉ ስፋት በሴንቲሜትር ነው። አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ ከመቶ አንድ እጅ በላይ ስለሚኮማተር ቅጂው 25.7 ገደማ ይሆናል። ሦስት ሚሊሜትር! በሜትር ይለካል፣ በፎቶ ግን አይለካም፤ ለካሜራው የቀረበው ጠርዝ ከራቀው ሰፍቶ ስለሚታይ ስሕተቱ ከልዩነቱ ይበልጣል።

ክዳኑ ደግሞ ሌላ ነገር ይላል። ስስና ጉብ ያለ ነው፤ ጠርዙ ተጠቅልሏል፤ ክቦቹ ይታያሉ፤ መያዣው በአንድ ሪቬት ተመትቷል፣ ዙሪያውም ጥቁር ክብ አለው። እርሱ በእርግጥ የላሜራ ሥራ ነው። ክዳኑ የፋብሪካ ከሆነ ድስቱም ነው ማለት ግን አይቻልም። ክዳን ይጠፋል፣ ይተካል፣ ከጎረቤት ይመጣል። ሁለቱን ለየብቻ መጠየቅ ይገባል።

የተገኘበት ቦታ ይረዳን ይሆን? አሊዩ አምባ ቻርልስ ጆንስተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1842 እ.ኤ.አ. ተቀምጦባት በነበረ ጊዜም ከታጁራ የሚመጣ ነጋዴ የሚያራግፍባት ገበያ ነበረች። እንዲህ ባለ ቦታ ዕቃ መገኘቱ እዚያ መሠራቱን አያሳይም።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍሁላት፦ ድስቱ በአሸዋ የፈሰሰ አሉሚኒየም ነው፤ ሥሩ ላይ ያለው ስም የአባቱ ድስት ስም ነው፤ የሠሪው ስም የለም፤ ክዳኑ የሌላ ነው። አንድ ነገርም ጨመርሁ። አቅላጭ የሚያቀልጠው ያገኘውን ቁርጥራጭ ነው፤ ከአሮጌ የሞተር ክፍል ጋር እርሳስ ሊገባበት ይችላል። ይህን ፎቶ አያሳይም፤ ላቦራቶሪ ብቻ ያውቀዋል። እስኪታወቅ ድረስ ቲማቲም የበዛበት ወጥ አትሥሪበት፣ አታሳድሪበትም፤ ጎምዛዛ ነገር ከብረቱ አብዝቶ ይስባልና።