ጉዳዩ፦ የአራተኛው ጥያቄ ድምር

የእኅቴ ልጅ፣ ለአንቺ

ባለፈው ቅዳሜ ሶደርተልየ ጣቢያ ፔንደልቶጉን ስንጠብቅ በስልክሽ ያነበብሽልኝን ኢሜይል አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ ልላከው?» ስትዪኝ «ቆይ፣ አትላኪው» ብቻ ብዬሽ ባቡሩ ደረሰ። ለምን እንደከለከልኩሽ ያኔ አልነገርኩሽም። ነገ ጠዋት አዲሱን ኢሜይል ከመላክሽ በፊት እንድታነቢው ብዬ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

የመጀመሪያው ኢሜይልሽ እንዲህ ይል ነበር፦ «ክቡር መምህሬ፣ ለዚህ ኮርስ ሌት ተቀን ነው ያጠናሁት። ከእኔ ያነሰ የሚያነቡ ልጆች ሲ አግኝተው እኔ ዲ ማግኘቴ ቅር አሰኝቶኛል። ለማስተርስ ማመልከቻዬ ሲ በጣም ያስፈልገኛል። የጎደለኝ 2 ነጥብ ብቻ ስለሆነ በድጋሚ ቢያዩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ቃሉ ትሑት ነው፤ ቃሉ ላይ ነቀፋ የለኝም። ነገር ግን አገር ቤት ሳለሁ ፊዚክስ አስተምር እንደነበር ታውቂያለሽ። እንዲህ ያለ ማመልከቻ በየሴሚስተሩ ይደርሰኝ ነበር፤ በዚያ የተነሣ ነጥብ የጨመርኩለት ተማሪ ግን ትዝ አይለኝም። ጨካኝ ሆኜ አይደለም። አንብቤ ስጨርስ የትኛውን ገጽ ገልጬ ምኑን እንደማይ አላውቅም ነበር። የአንቺም ኢሜይል ስለ ድካምሽ፣ ስለ ጓደኞችሽና ስለ ማስተርስሽ ይናገራል፤ ስለ ወረቀቱ ግን አንድም ነገር አይልም። መምህሯ ያረሙት ደግሞ ወረቀቱን ብቻ ነው። የጓደኞችሽን ውጤት ስታነሺባቸው ደግሞ፣ አንቺ ባታስቢውም፣ አድልተዋል ያልሽ ይመስላል።

እኛ ደጅ መጥናት ለምዶብናል። ጉዳያችንን የያዘው ሰው ልቡ እንዲራራ ችግራችንን እንዘረዝራለን። እዚህ አገር ውጤት የሚከፈተው በርኅራኄ አይደለም፤ በሕግ የተጻፉ ሁለት በሮች አሉት። የስዊድን የከፍተኛ ትምህርት ደንብ ምዕራፍ 6 ላይ አንቀጽ 23 እና 24ን ፈልጊና አንብቢያቸው፤ አጭር ናቸው።

የመጀመሪያው በር የጽሕፈት ወይም የድምር ስህተት ነው። ነጥቡ በትክክል ተሰጥቶ ሲደመር ወይም ሲመዘገብ ከተዛባ መርማሪው መምህር ሊያርመው ይችላል። ሁለተኛው በር ውጤቱ በግልጽ የተሳሳተ ሆኖ ሲገኝ ነው። ያን ጊዜ መርማሪው መለወጥ አለበት፤ ግን ለውጡ በፍጥነትና ያለ ብዙ ድካም የሚደረግ፣ ውጤቱንም ዝቅ የማያደርግ መሆን አለበት። «በግልጽ» የምትለዋን ቃል ልብ በያት። ሁለት መምህራን ሊከራከሩበት የሚችል ነገር በግልጽ የተሳሳተ አይባልም። ከእነዚህ በሮች ውጭ ይግባኝ የሚባል ነገር የለም፤ የከፍተኛ ትምህርት ይግባኝ ሰሚ ቦርዱ የውጤት ክርክር አይቀበልም። ስለዚህ ኢሜይሉን ከመጻፍሽ በፊት በየትኛው በር እንደምትገቢ ማወቅ አለብሽ፤ ይህ ደግሞ ወረቀቱን ሳያዩ አይታወቅም።

ለዚህ ነበር ኋላ «ወረቀቱን አይተሽዋል?» ያልኩሽ። አላየሽውም ነበር። የታረመ ፈተና እዚህ የመንግሥት ሰነድ ስለሆነ ቅጂውን መጠየቅ ትችያለሽ። ዋናውን ሳይሆን ቅጂውን ውሰጂ ያልኩሽም ያለ ምክንያት አይደለም። ዋናው ከእጃቸው ወጥቶ ከተመለሰ በኋላ ቤት ውስጥ የተጨመረበት ነገር እንደሌለ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። በቅጂውም ላይ ቢሆን በብዕር አትጻፊ፤ ማስታወሻሽን በሌላ ወረቀት ያዢ።

ረቡዕ ማታ ቅጂውን ይዘሽ መጣሽ፤ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርን። ሽፋኑ ላይ የአምስቱ ጥያቄዎች ነጥብ በተራ ተጽፏል፦ 7፣ 5፣ 8፣ 7፣ 6፤ ድምሩ 33። ሲ የሚጀምረው ከ35 ነው። በየጥያቄው ውስጥ የተጻፉትን ትንንሽ ቁጥሮች እያነበብሽልኝ እኔ በሌላ ወረቀት ደመርኩ። እስከ ሦስተኛው ጥያቄ ልክ መጣ። አራተኛው ላይ «ሀ» 4፣ «ለ» 3 አልሽኝ፤ ድምሩ 7፣ ሽፋኑም 7። ልታልፊ ስትዪ «ሐስ?» አልኩሽ። ቦታ አልበቃሽ ብሎ «ሐ»ን ከገጽ 6 ጀርባ ጽፈሽው ኖሯል። ገለበጥሽው፤ በቀይ 2 ተጽፏል። መምህሯ አርመውታል፣ ነጥብም ሰጥተውታል፤ ወደ ሽፋኑ ሲያዛውሩ ግን ከጀርባ ቀርታለች። አራተኛው ጥያቄ 9 ሆነ፣ አጠቃላዩም 35።

አምስተኛውንም ደምረን እንደ ጨረስን ሌላ ነገር አስጠነቀቅኩሽ፤ እዚህም ልድገመው። ስትደምሪ ለአንቺ ያደላውንም ቁጠሪ። ውጤት ዝቅ አይደረግም የሚለው ዋስትና የተጻፈው ለሁለተኛው በር እንጂ ለድምር ስህተት አይደለም። በአንድ ጥያቄ 2 ጎድሎ በሌላው 3 ተርፎ ቢገኝ ምን እንደምታደርጊ አስቀድመሽ ከራስሽ ጋር ተማከሪ። በአንቺ ወረቀት ላይ የተረፈ አልነበረም።

ያኔ «ሁለተኛውም ጥያቄ አለ፤ 5 ብቻ ነው የሰጡኝ» አልሽ። እርሱንም አየነው። የመልስ መመሪያው ሁለት ምክንያትና አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ይፈልጋል። ሁለቱን ምክንያቶች ገጽ ሙሉ አስረድተሻል፤ ተቃራኒው ምሳሌ ግን የለም። መመሪያው የሚጠይቀው ነገር ወረቀትሽ ላይ ኖሮ መምህሯ ሳያዩት አልፈው ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው በር መግባት በቻልሽ ነበር። «ጥሩ አድርጌ ስለጻፍኩ 7 ይገባኛል» ማለት ግን የመምህሯን ሚዛን በአንቺ ሚዛን ለመተካት መጠየቅ ነው። ይህን ከድምሩ ጋር አንድ ኢሜይል ውስጥ ብትከቺው በደቂቃ የሚታረመው ስህተት ከክርክሩ ጋር ተጠላልፎ ይጓተታል። መረዳት ከፈለግሽ ሌላ ቀን «ምን እንደጎደለኝ ቢያስረዱኝ» ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ያ የውጤት ሳይሆን የትምህርት ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ኢሜይሉ እንምጣ። አባቶቻችን ማመልከቻ ሲጽፉ ከሁሉ በፊት «ጉዳዩ፦» ብለው አንድ መስመር ያስቀምጡ ነበር፤ አንቺም በዚያው ጀምሪ። ስዊድንኛው ያንቺ ሥራ ነው፤ አማርኛው ይኸውልሽ፦

«ጉዳዩ፦ የፈተና ድምር እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ (የኮርሱ ኮድ፣ የፈተናው ቀን፣ የፈተና መለያዬ)

ሰላም (ስማቸው)፣

የታረመ ፈተናዬን ቅጂ አግኝቼ አየሁት። በጥያቄ 4 ላይ ለ«ሀ» 4፣ ለ«ለ» 3፣ ለ«ሐ» 2 ነጥብ ተሰጥቷል፤ ድምሩ 9 ይመጣል። በሽፋኑ ላይ የተመዘገበው ግን 7 ነው። የ«ሐ» መልስ ያለው ከገጽ 6 ጀርባ ነው። አደማመሬ ትክክል ከሆነ አጠቃላዩ ከ33 ወደ 35 ይለወጣል። የሁለቱን ገጾች ፎቶ አያይዣለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ከሆንኩ የቱ ጋ እንደሆነ ቢጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ጊዜዎ አመሰግናለሁ።»

በቃ። ሲ የምትለዋ ፊደል የለችበትም፤ 35 ምን እንደሆነ እርሳቸው ያውቃሉ። ማስተርስሽም የለም። «የተሳሳትኩት እኔ ከሆንኩ» ያልኩት ለጨዋነት ብቻ አይደለም። 2 ነጥቡን ከጻፉ በኋላ ሆን ብለው ሰርዘውት፣ ቅጂው ላይ የስረዛው መስመር ደብዝዞ ሊሆን ይችላል።

«ክቡር» የሚለውን ያወጣሁት ትዕቢት ተማሪ ብዬ አይደለም። በ1967 ብሩር ሬክሴድ የሚባል ሐኪም የስዊድን የሕክምና ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሲሆን ሠራተኞቹን ሁሉ «አንተ»፣ «አንቺ» እያለ እንደሚጠራ አሳወቀ፤ አንቱታው ያኔ ቀድሞም እየላላ ነበርና ከዚያ ወዲህ ባንድ ትውልድ ከአገሩ ጠፋ ማለት ይቻላል። ስለዚህ በስማቸው ጥሪያቸው። እኔ በአማርኛው «ጊዜዎ» ያልኩት አንደበቴ እምቢ ስላለኝ ነው። አክብሮትሽን ገጹን ጠቁመሽ፣ ድምሩን ሠርተሽ፣ ጊዜያቸውን ቆጥበሽ አሳዪ።

ላኪው ለመርማሪው መምህር ነው፤ ውጤቱን የሚወስነውም የሚያርመውም እርሱ ነው። ፈተናውን ያረመው ሌላ ረዳት ቢሆን እንኳ ውሳኔው የእርሱ ነው። አገር ቤት ማመልከቻ ስንጽፍ ከግርጌ «ግልባጭ፦» ብለን አምስት ቢሮ እንደረድር ነበር። እዚህ በመጀመሪያ ኢሜይል ላይ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ግልባጭ ውስጥ ማስገባት መምህሯን ሳትጠይቂ መክሰስ ነው፤ ተዪው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ልጆቻችን አያውቁትም። ስዊድን የመንግሥት ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የደነገገችው በ1766 ነው፤ በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ሊጀምር ሦስት ዓመት ሲቀረው። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምትልኪው ኢሜይል በዚሁ መርሕ ሥር ይገባል፤ ሌላ ሰው ጠይቆ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ የእናትሽን ሕመም፣ የቤት ጣጣሽን፣ የጓደኞችሽን ውጤት እዚያ ውስጥ አትጻፊ።

ከላክሽ በኋላ አንድ ሳምንት ታገሺ። መልስ ካልመጣ በዚያው ኢሜይል ላይ ሁለት መስመር አስታዋሽ ጨምሪ። መልካም መልስ ከመጣ ደግሞ በዚያ ብቻ አትርኪ፤ ላዶክ ላይ ውጤቱ መለወጡን ራስሽ እዪ፤ «እሺ» ተብሎ ሳይመዘገብ የቀረ ነገር አይቻለሁ። ይህን ለታናሽ ወንድምሽም ንገሪው፦ የወደቀ ሰው የኢሜይል መልስ እየጠበቀ የድጋሚ ፈተናው መመዝገቢያ ቀን ሊያልፈው አይገባም። ተመዝግቦ ይጠብቅ።

«አይ፣ ተሰርዟል» የሚል መልስ ቢመጣም «ስላዩልኝ አመሰግናለሁ» ብለሽ መልሺ። በሚቀጥለው ሴሚስተር እኚሁ መምህር ክፍል ውስጥ ትቀመጫለሽ። ያን ቀን ዓይናቸውን ቀና ብለሽ ማየት እንድትችዪ ነው ቅዳሜ ጣቢያው ላይ ያስቆምኩሽ።

ጋሼ