አልችልም ማለትም አማና ነው

ሽማግሌ እንዲሆን የተመረጠ ሰው እምቢ ካለ ኮራ ወይም ከኃላፊነት ሸሸ ይባላል። በዚህ ይሉኝታ የተነሳ ብዙ ሰው የማያውቀውን ሥራ ይቀበላል። ለመሆኑ አማናን የጠበቀው የቱ ነው? ከዕውቀቱና ከሥልጣኑ በላይ የሆነውን ሥራ ተሸክሞ የሚሳሳተው ነው ወይስ ሥራው ለሚችል ሰው እንዲተላለፍ በአክብሮት የሚጠይቀው?

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በአብነት ሰፈር የሚኖር አንድ ነጋዴ ወደ አኼራ ሄደ እንበል። ሚስቱ፣ ሁለት ሴት ልጆቹ፣ እናቱና አባቱ በሕይወት አሉ። ቤተሰቡ ልጆች ቁርኣን የሚያስቀራውን ወጣት ኡስታዝ ውርሱን እንዲያካፍል ጠየቀው። ዕዳው ተከፍሎ፣ የሚስትየው የራሷ ንብረት ተለይቶ፣ ለወራሾች የቀረው 540,000 ብር ነው።

ኡስታዙ ድርሻዎቹን ከቁርኣን ያውቃቸዋል። ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ለሁለቱ ሴት ልጆች ሁለት ሦስተኛ፣ ለእናትና ለአባት ለየራሳቸው አንድ ስድስተኛ ነው። በዚሁ ቢጀምር ለሚስት 67,500፣ ለልጆች 360,000፣ ለእናት 90,000 ይሰጣል። አባትየው ዘንድ ሲደርስ ግን በ90,000 ፋንታ 22,500 ብር ብቻ ቀርቶ ያገኘዋል። ማንም አላጭበረበረም፤ ድርሻዎቹ ሲደመሩ ከ24 እጅ 27 ስለሆኑ ነው።

የፈራኢድ ሊቃውንት ለዚህ ዐውል የሚሉት መፍትሔ አላቸው። ገንዘቡ በ24 ሳይሆን በ27 ይካፈላል፤ ጉድለቱም ለሁሉም እንደየድርሻው ይደርሳል። አንዱ እጅ 20,000 ብር ይሆናል። ሚስት 60,000፣ ልጆች እያንዳንዳቸው 160,000፣ እናት 80,000፣ አባት 80,000 ብር ያገኛሉ። ዐውልን ያልተማረ ሰው ግን መጨረሻ የደረሰውን ወራሽ ይበድላል፤ መበደሉንም ላያውቅ ይችላል። የአቅም ወሰን ምልክቱም እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡ አልገጥም ሲል ምክንያቱን ማስረዳት ያልቻለ ሰው ሥራውን ማቆም አለበት።

ይህ ጉዳይ በፈራኢድ መጻሕፍት «ሚንበሪያ» ይባላል። አሊ ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ሚንበር ላይ ሳሉ ተጠይቀው የሚስትየዋ ስምንተኛ ዘጠነኛ መሆኑን ወዲያው እንደመለሱ ይተረካል። እኒሁ አሊ በወጣትነታቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዳኛ አድርገው ወደ የመን ሲልኳቸው፣ ዕድሜያቸው ገና መሆኑንና ዳኝነት አለማወቃቸውን በግልጽ ተናግረው ነበር። ነቢዩም አልተቆጧቸውም። ዱዓ አደረጉላቸው፤ የሁለተኛውን ወገን ቃል ሳይሰሙ እንዳይፈርዱም አስተማሯቸው። አልችልም ማለታቸው ትምህርት አስገኘላቸው እንጂ ክብራቸውን አልቀነሰም።

ዕውቀት ቢሟላ እንኳ ሥልጣን ላይኖር ይችላል። ከወራሾቹ አንዷ በሸሪዓ መዳኘት አልፈልግም ብትል ኡስታዙ ሊያስገድዳት አይችልም። በ1992 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 መሠረት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ራሳቸው ጉዳይ የሚያዩት በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት የቀበሌ ኪራይ ከሆነም የሟች ንብረት ስላልሆነ እንደ ውርስ አይካፈልም። እንዲህ ያለውን ነገር እሺ ብሎ የጀመረ ሰው የማይፈጸም ውሳኔ ይሰጣል፤ ቤተሰቡንም ያጣላል።

ታዲያ እንዴት ይጠየቅ? ቁም ነገሩ ጊዜውና ግልጽነቱ ነው። የቤቱ ምሥጢር ከተሰማ፣ አንዱ ወገን ተስፋ ከተሰጠው በኋላ ልተው ማለት ጥርጣሬ ያስነሳል። በመጀመሪያው ቀን ግን ኡስታዙ ለሟች አባት እንዲህ ሊላቸው ይችላል፦ «ሐጂ፣ ስላመኑኝ አላህ ይስጥልኝ። የወራሾቹን ዝርዝርና የዕዳውን ወረቀት አሰናዳለሁ። ድርሻው ግን ከአንድ ሙሉ ያልፋል፤ እኔ ደግሞ ይህን አልተማርኩም። ፈራኢድ ለሚያውቁ ዓሊም ወይም፣ ሁላችሁም ከተስማማችሁ፣ ለቃዲው እንዲሰጥ እለምንዎታለሁ። ወረቀቱን ይዤ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ምን እንደማይችል፣ ለምን እንደማይችል፣ ማን እንደሚችልና እርሱ በምን እንደሚያግዝ ሁሉም ተነግሯል። ሐጂው በጭፍን እምቢታ እንደተመለሱ አይሰማቸውም፤ ወዴት እንደሚሄዱም ያውቃሉ። «ሥራ በዝቶብኛል» ብሎ ማምለጥ ግን ሌላ ነው። ምክንያቱ ሐሰት ስለሆነ ሐጂው ከወር በኋላ ሥራው ቀለል ሲለው ተመልሰው ይመጣሉ፤ አለዚያም ያንኑ ሥራ እንደ እርሱ ለማያውቅ ለሌላ ሰው ይሰጣሉ።

የሚያስቀይም ቢመስልም እውነተኛውን ምክንያት መናገር ይሻላል። ሐጂው በዚያ ቀን ትንሽ ቢከፋቸው ነገ ይረሱታል። በስሕተት የተወሰደባቸውን 57,500 ብር ግን ሌሎቹ ወራሾች ካጠፉት በኋላ ማን ይመልስላቸዋል?