«ገና ነኝ» ማለት ምን ማለት ነው?

አንዲት ወዳጄ የአራት ዓመት ፍቅሯ ከፈረሰ አምስት ወር ሆኗት ነበር። ሽማግሌ ለመላክ ቀን ሊቆረጥለት የነበረ ፍቅር ነው። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤት ባልደረባዋ ማኪያቶ ልጋብዝሽ አላትና ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀመጡ። ጨዋታው ደርቶ ነበር፤ ከልቧም ሳቀች። ሊነሱ ሲሉ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከጓደኝነት ያለፈ ነገር ባስብ ቅር ይልሻል?» አላት። የብርጭቆው ጠርዝ ላይ የደረቀውን አረፋ በማንኪያ እየፋቀች ዝም አለች። ከዚያ «አሁን ገና ነኝ። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» አለችው።

ከሦስት ወር በኋላ በስልኳ አንድ መልእክት ገባ፦ «ጊዜውን ሰጥቼሻለሁ። አሁንስ?» ወዳጄ ደነገጠች፤ ትንሽም ተናደደች። «እኔ ምንም ቃል አልገባሁለትም» አለችኝ። ያን ዕለት ያላልኳትን ዛሬ ልጽፈው ነው፦ ሳታውቀው ገብታለታለች።

ነገሩ ያለው «ገና» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። እናት ከጓዳ ሆና «ምሳው ገና ነው» ስትል ምሳ የለም ማለቷ አይደለም፤ ይደርሳል፣ ጠብቁ ማለቷ ነው። «ገና» ያልሆነውን ስትናገር የሚሆነውን አብራ ታስታውቃለች። ወዳጄ ስለ ትናንቷ እየተናገረች መስሏት ነበር። ልጁ የሰማው ግን ስለ ነገ ነው። «ጊዜ ስጠኝ» የሚለው ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ እንደ ብድር ሆነ። ሰጪና ተቀባይ ካለ፣ የመመለሻ ቀንም ይኖራል ብሎ ማሰብ የዋህነት አይደለም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1955 በሃርቫርድ ባቀረባቸው ንግግሮች ያስተማረው ይህንኑ ነው። ሰው ሲናገር ዓለምን ከመግለጽ አልፎ በዓለም ላይ አንድ ነገር ያደርጋል፤ «እሺ» ብሎ ይዋዋላል፣ «ይቅር» ብሎ ዕዳ ይሰርዛል። ወዳጄ ሁኔታዋን የገለጸች መስሏት አንድ ሰው ወንበር ስቦ እንዲጠብቅ አደረገች። በእኛም ዘንድ ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል። ዕዳው ደግሞ «ቃል እገባለሁ» ካልተባለ አይጀምርም የሚል ሕግ የለውም።

ታዲያ ያልዳነ ሰው እውነቱን እንዴት ይናገር? በመጀመሪያ እውነቱን ለራሱ መለየት አለበት። ቋንቋችን እዚህ ላይ ሁለት ጥሩ ቃላት አሉት። አንዱ ማገገም ነው። በማገገም ላይ ያለ ሰው ታማሚም አይደለም፣ ጤነኛም አይደለም። ትኩሳቱ ለቆታል፤ ይበላል፣ ይስቃል፣ ጠያቂ ያስተናግዳል። ሸክም ግን አያነሳም። ወዳጄ ካፌው ውስጥ ከልቧ መሳቋ ውሸት አልነበረም፤ መዳኗንም ግን አያሳይም። ልጁ ሳቋን አይቶ ድናለች ቢል አይፈረድበትም፤ እሷ ራሷም የተሳሳተችው እዚያው ላይ ነው።

ሁለተኛው ቃል ግርሻ ነው። በሽታ ከለቀቀ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ አገረሸ እንላለን፤ ስለ ፍቅርም ይህንኑ እንላለን። ሰው ያለ አቅሙ ሲነሳ ግርሻ ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ አዲስ ሰው ፊት የተቀመጠ ሰው ራሱን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ያ የተለየኝ ሰው ዛሬ ማታ ደውሎ «ልመለስ» ቢለኝ ምን እላለሁ? መልሱ «እሺ» ከሆነ ወይም ጥያቄው እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ ገና ማገገም እንኳ አልተጀመረም። መልሱ ያለ ብዙ ትግል «አይሆንም» ከሆነ፣ ነገር ግን አዲሱን ሰው ባየ ቁጥር ከቀድሞው ጋር የሚያመዛዝን ከሆነ፣ እያገገመ ነው። ከቀድሞው ጉዳይ ሁሉ ነጻ ሆኖ ሳለ ይህን አዲስ ሰው ካልወደደው ደግሞ ነገሩ ቁስል አይደለም፤ ፍላጎት አለመኖር ነው።

ይህ ሦስተኛው ከሌሎቹ ጋር ሲደባለቅ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው፤ የሚያደባልቀውም ይሉኝታ ነው። ፊት ለፊት «አልፈልግህም» ማለት ስለሚከብደን ቁስላችንን መሸሸጊያ እናደርገዋለን። «ገና አልዳንኩም» የሚለው ሰም ሆኖ «አልወደድኩህም» የሚለው ወርቅ ከሥሩ ይቀበራል። ቅኔ ውስጥ ይህ ያስመሰግናል፤ ሰሚው ወርቁን እንዲፈልግ አስቀድሞ ተነግሮታልና። በፍቅር ጥያቄ ግን ሰሚው ሰሙን ይዞ ይሄዳል፣ ወራትም ይጠብቅበታል። እዚህ ላይ ርኅራኄ የመሰለን ነገር የሰውን ዕድሜ መውሰድ ነው።

ሌላው ጥያቄ ምን ያህል ይነገር የሚለው ነው። አንዳንዱ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ሁሉንም ይውጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ በመጀመሪያው ማኪያቶ የአራት ዓመቱን ታሪክ ይዘረግፋል። እኔ መለኪያው አንድ ነው እላለሁ፦ ሰውየው ለመወሰን የሚያስፈልገውን ያህል። ከፍቅር መውጣቷን፣ ቅርብ ጊዜ መሆኑን፣ አሁን ለማንም ልትሰጥ የማትችለውን ነገር ማወቅ ይገባዋል፤ የሱን ሕይወት ይነካልና። ማን ማንን እንደበደለና ምን እንደተባባሉ ግን አያስፈልገውም። ያ ታሪክ የእሷ ብቻ አይደለም፤ የሄደውም ሰው ምስጢር አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው የቀን ጉዳይ ነው። «ፋሲካ ይለፍና እንነጋገራለን» ማለት እንወዳለን። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የጾመ ሰው መፈሰኪያውን ያውቃል። የልብ ማገገም ግን መፈሰኪያው አይታወቅም። የማያውቁትን ቀን መቁረጥ የሌላቸውን ገንዘብ ማበደር ነው። ስለዚህ በማገገም ላይ ያለ ሰው «መቼ» ሲባል እውነተኛው መልስ «አላውቅም» ነው። ያ ደግሞ ለሰሚው ከቀን ቀጠሮ ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ሳይታሰር መሄድ ይችላልና።

ወዳጄ ለመልእክቱ መልስ ስትጽፍ አብረን ነበርን። ሁለት ጊዜ ጽፋ ደመሰሰች። በመጨረሻ የላከችው ይህ ነው፦ «ከረጅም ፍቅር በቅርቡ ነው የወጣሁት፤ አልዳንኩም። መቼ እንደምድን አላውቅም፣ ስድንም ወዳንተ እመጣለሁ ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም። ያን ዕለት ጊዜ ስጠኝ ማለቴ ጥፋቴ ነው። አትጠብቀኝ።» እሱም «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ቀድሞ ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር» አለ። ወቀሳው ተገቢ ነበር።

«አትጠብቀኝ» ማለት ለምን እንደሚከብድ አውቃለሁ። የተጎዳ ልብ የሚፈልገው ሰው ይጠፋብኛል ብሎ ይሰጋል፤ በር ላይ የቆመ ሰው መኖሩ ራሱ ያጽናናል። ነገር ግን ፈላስፋው ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ሰውን መሣሪያ ብቻ አድርገህ አትያዝ ያለው እዚህም ይሠራል። ለመጽናናት ብለን በር ላይ ያቆምነው ሰው ለእኛ ማስታገሻ ሆኗል፤ ማስታገሻ መሆኑን ግን አልነገርነውም። ነግረነው በራሱ ፈቃድ «እጠብቃለሁ» ካለ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ምርጫው የእሱ ይሆናል።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ቁስልህ ሳይሽር አንድ ደግ ሰው ቢመጣ፣ ወይም ቁስልሽ ሳይሽር ቢመጣ፣ መታመማችሁን ንገሩት፤ ቀን ግን አትቁረጡለት። «ገና ነኝ» ብላችሁ ከጀመራችሁም ዓረፍተ ነገሩን «አትጠብቀኝ» ብላችሁ ጨርሱት።