ጨቅላው አልተኛ ያለ ሌሊት

አባት ልትሆኑ የተቃረባችሁ ወንዶች ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሚስቶቻችሁን እናትና አክስት፣ ጎረቤትም ጭምር ከብቦ ይመክራቸዋል። ወንዱን ግን በግ ግዛ፣ የገንፎ እህል አስፈጭ ከማለት በቀር ቁጭ አድርጎ የሚነግረው የለም። እኔ ጡረታ እስክወጣ በጤና ሥራ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ እዚሁ ድባጤ የጎረቤቴ ልጅ ያሳለፈውን አንድ ሌሊት ይዤ ልምከራችሁ።

ነገሩ የሆነው ጨቅላው በተወለደ በ9ኛው ቀን ነው። ከቡለን ይመጣሉ የተባሉት አማት መኪና አጥተው ቀሩ፤ አራሷ ደግሞ ተከታታይ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር በድካም ጥላዋ ተገፏል። አባትየው የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለአባት የፈቀደው 3 ቀን ካለቀ ሰንብቷል። ያም ሆኖ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ልጁ ጠብቶ ሲጨርስ፣ «አንቺ ተኚ፤ ሲርበው አመጣልሻለሁ» ብሏት ወደ ወዲያኛው ክፍል ይዞት ሄደ። ደግ አደረገ። ጡት ማጥባት የእሷ ነው፤ ከዚያ የተረፈው ሁሉ የወንድ እጅ ይችለዋል።

ልጁ ደረቱ ላይ ወዲያው አሸለበ። ፍራሹ ላይ ሲያጋድመው ግን ብርግግ ብሎ ነቃና ጮኸ። ደግሞ አቀፈው፣ ተኛ፤ አስተኛው፣ ነቃ። ይህ የልጅ ተንኮል አይደለም። ጨቅላ መጀመሪያ የሚይዘው እንቅልፍ ቀላል ነው፤ ሽፋሽፍቱ ይርገበገባል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ያቃስታልም። እንቅልፉ ሲጠልቅ ክንዱን ብድግ አድርጋችሁ ብትለቁት ዝልፍልፍ ብሎ ይወድቃል፤ እስከዚያ አታስተኙት። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ፦ የሚያለቅስ ሕፃን ታቅፎ 5 ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ ሲራመዱለት ይረጋጋል፤ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላም ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይዘውት ከተቀመጡ ሲያስተኙት የመንቃቱ ነገር ይቀንሳል። እናቶቻችን አዝለው ሲንጎራደዱ የኖሩት ያለ ነገር አልነበረም።

5 ሰዓት አካባቢ ለቅሶው ባሰ። ወጣቱ ሽንት ጨርቁን ፈታ፤ ረጥቧል፣ ቀየረለት። ለቅሶው አልቆመም። እጁን ማጅራቱ ላይ ቢያደርግ ላብ አገኘ። የቆርቆሮ ክዳን ቤት ነው፣ ቀን የዋለው ሙቀት ገና አልወጣም፤ ልጁ ግን ሹራብ ለብሶ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ በላዩ ሁለት ፎጣ ተጠቅልሏል። ጨቅላ ብርድ እንዳይመታው መጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ በተለይ በተወለደ ሰሞንና ክብደቱ ዝቅተኛ ከሆነ። ቢሆንም በቆላ አገር ልጅን የደጋ ልጅ ማስመሰል ሌላ ጣጣ ያመጣል። የጨቅላ እጅና እግር ሁልጊዜም ቀዝቀዝ ይላልና በእሱ አትፍረዱ፤ ማጅራቱን ወይም ደረቱን ዳስሱ። እሱም አንዱን ፎጣ ገፈፈለት፣ ኮፍያውን አወለቀ። የእግሩን ጣቶችም አንድ በአንድ አየ፤ አንዳንዴ የእናት ፀጉር ጣት ላይ ተጠምጥሞ ልጁን ያስጮኸዋልና ይህን ማንም አይርሳ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ልጁ አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ቡጢውን መጥባት ጀመረ። ረሃብ ነው። ልጅ እስኪጮህ አይጠበቅም፤ ጩኸት የረሃብ መጨረሻ ምልክት ነው። እናቱ ዘንድ ወስዶት፣ ጠብቶ ሲጨርስ ትከሻው ላይ ቀና አድርጎ ጀርባውን መታ መታ እያደረገ አስገሳው። ሰዓቱ ከሌሊቱ 6 ሆኖ ነበር። በዚህ ዕድሜ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ መጥባት ያለ ነው፤ ቀንና ሌሊት የሚለየው የአካል ሥርዓትም ገና አልበሰለም። ስለዚህ ሌሊቱን በሙሉ እንዲተኛላችሁ አትጠብቁ።

8 ሰዓት ላይ መጣ እንግዲህ ዋናው ፈተና። ጠብቷል፣ ደርቋል፣ አልሞቀውም፤ ይጮኻል። ግድግዳ የሚጋሩ አንዲት እናት ከወዲያ ሆነው፣ «ልጄ፣ ሆዱን ነው፤ ስኳር በሞቀ ውኃ በጥብጥና አቅምሰው፣ ካልሆነም ቅቤ አውጠው» አሉት። ክፋት የለባቸውም፤ ሲደረግ ያዩትን ነው የተናገሩት። እሱም ስኳሩን እስከ ማንሳት ደርሶ ተወው። ይኼንን አጥብቄ እላችኋለሁ፦ እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ወተት በቀር ውኃም ቢሆን፣ ጤና አዳምም ቢሆን፣ ቅቤም ቢሆን አይሰጥም፤ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ብቻ ሲቀር። የጨቅላ ሆድ ትንሽ ነው፤ በስኳር ውኃ ሲሞላ ጡቱን ይተዋል፣ ካልተጠባ ደግሞ ወተቱ ይቀንሳል። ውኃው ወይም ማንኪያው ካልጸዳም ተቅማጥ ይከተላል። ቅቤው ትን ካለው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ልጁ ዝም ቢል እንኳ ተሻለው ማለት አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ወጣቱ ያጫወተኝ አንገቱን ደፍቶ ነው። ጩኸቱ ጆሮው ውስጥ ገብቶ፣ ልጁን የያዘበት እጅ እየጠበቀ መጣ፤ «ዝም በል!» ብሎም ጮኸበት። ይህ ስሜት በማንም ላይ ይመጣል፣ ደግ አባት ላይም። የጨቅላ አንገት ጭንቅላቱን አይሸከምም፤ በንዴት ከተነቀነቀ አንጎሉ ይደማል፤ ከዚህ የተረፈው ዓይኑን ሊያጣ፣ አካለ ስንኩል ሊሆን ይችላል። ወጣቱ ልጁን በጀርባው አጋድሞ፣ አጎበሩን ዘርግቶበት በረንዳ ወጣ። እዚያም ፊቱን በውኃ አብሶ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ። ብቻውን ለጥቂት ደቂቃ ቢያለቅስ ምንም አይሆንም። አደጋው በተናደደ ሰው እጅ ላይ ሲሆን ነው።

ሲመለስ ሸሚዙን አወለቀ። ልጁን በሽንት ጨርቅ ብቻ ደረቱ ላይ ለጥፎ ነጠላ ጣል አደረገበትና ክፍሉን መዞር ያዘ። የአባት ገላም ያሞቃል፣ የልቡም ምት ያረጋጋል። ልጁ ቀስ በቀስ ዝም አለ። ወጣቱ ወንበር ላይ ሆኖ ዓይኑ መከደን ሲጀምር ግን ተነሥቶ አስተኛው። ልክ ነው፤ ልጅ ታቅፎ ወንበር ላይ ማሸለብ አደገኛ ነው፤ ልጁ ተንሸራቶ ሊታፈን ይችላል። ማስተኛትም በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ነው።

10 ሰዓት ላይ ደግሞ ዝምታው አስፈራው። ትንፋሹ ፈጠን ፈጠን ይልና ጥቂት ቆም ይላል። በስልኩ ሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረ፤ 48 ሆነ። የጨቅላ ትንፋሽ እንዲህ ይቆራረጣልና ግማሽ ደቂቃ ቆጥራችሁ አታባዙት። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግማችሁ ቁጠሩ፤ ያው ከሆነ ጤና ጣቢያ ነው። ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ጡት እንቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ካልነካካችሁት የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ የእትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ፣ መዳፉና የውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ በብብቱ የተለካው ሙቀት 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 ከወረደም እንዲሁ። የወባ አገር ነውና ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው አትበሉ፤ በዚህ ዕድሜ በቤት መድኃኒት የሚታከም ትኩሳት የለም። እስኪነጋም አትጠብቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለቅሶ ከ2ኛው ሳምንት በኋላ ይጨምራል፤ 6ኛው ሳምንት ገደማ ይብሳል፣ 3ኛው ወር ላይ ይቀንሳል። የጎረቤቴ ልጅ አማቱ ከዚያ ሌሊት በኋላ በሦስተኛው ቀን ሲደርሱ ይህንን ነገራቸው። የያዙትን ቅቤ ሲያወጡም፣ «እማማ፣ ቅቤውንስ ለአራሷ ገንፎ ያድርጉልኝ፤ ለልጁ ሐኪም ከልክሎኛል» አላቸው። ትንሽ አኮረፉ፤ ገንፎውን ግን አገነፉ።