ዕለቱ ረቡዕ ነበር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ወይና ደጋ ውጊያ አንድ ጽሑፍ አሳትሜ ነበር። ኢማም አሕመድ (ግራኝ) ከጣና በስተምሥራቅ የወደቀበትን ቀን «የካቲት 14 ቀን 1535 ዓ.ም.» ስል አሰፈርሁ። ማስረጃ አልጎደለኝም፤ ሦስት መጻሕፍት ጠቅሻለሁ፤ በግርጌ ማስታወሻውም የፖርቱጋላዊውን የካስታኞሶን ስም አኑሬአለሁ። የግርጌ ማስታወሻ ለጸሐፊው ጥሩ ካባ ነው፤ ያስከብራል።

ጽሑፉን ይዤ ከአዲስ ዘመን ብዙም ወደማይርቀው ጣራ ገዳም የወጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር። የፎገራን ሜዳ ቁልቁል እያየን ከአንድ አዛውንት መሪጌታ ጋር ስንጨዋወት አነበብሁላቸው። ቀኑ ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ፈረንጆቹ መቼ ነው ይላሉ ልጄ?»

«የካቲት 21 ቀን 1543፣ በእነርሱ አቆጣጠር።»

«ዕለቱስ?»

ዕለቱን አላውቅም ነበር። እርሳቸው ግን በቃላቸው ማስላት ጀመሩ። 1535 ላይ 5500 ሲደመር 7035 ዓመተ ዓለም ይሆናል። የዚህ ሩብ፣ ትርፉ ሲጣል፣ 1758 ነው። ሁለቱ ተደምረው 8793፤ በ7 ሲገደፍ 1 ይተርፋል። አንድ ከተረፈ መስከረም 1 ማክሰኞ ይውላል። ከዚያ ተነሥተው ወራቱን ቆጠሩና «የካቲት 14 ሐሙስ ነው» አሉኝ። «የፈረንጆቹን ዕለት ፈልግና አስተያየው። ወሩም ዓመቱም ከአገር አገር ይለያያል፤ ረቡዕ ግን የትም ረቡዕ ነው።»

አዲስ አበባ ተመልሼ ፈለግሁ። በዚያ ዘመን የፈረንጆች አቆጣጠር የካቲት 21 ቀን 1543 የዋለው ረቡዕ ነው። እኔ ያልሁት ቀን ሐሙስ ነው። አንድ ቀን ሁለት ዕለት ሊሆን አይችልምና አንደኛው ስሕተት መሆን ነበረበት።

ስሕተቱ የእኔ ነበር። ዛሬ የፈረንጆች የካቲት 21 አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ የካቲት 14 ጋር ይገጥማል። ነገር ግን ይህ ዝምድና ያኔ አልነበረም። ፈረንጆች በ1582 ዘመን አቆጣጠራቸውን ሲያርሙ አሥር ቀን ዘለሉ፤ በኋላም አንዳንድ የምዕተ ዓመት መባቻዎችን ከሠግር አውጥተው ልዩነቱን ዛሬ 13 ቀን አድርሰውታል። ከእርማቱ በፊት ለነበረ ቀን የዛሬውን ማቀያየሪያ የሚጠቀም ሰው እነዚያን 13 ቀኖች ያጠፋል። ትክክለኛው አቻ የካቲት 27 ነው። በመሪጌታው ስሌት ብናየውም ረቡዕ ይውላል።

ታዲያ ሦስቱ መጻሕፍት? ገልጬ ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው። ሦስቱም የካስታኞሶን ስም በአንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት ጽፈውታል። ቀኑን ለየብቻ የመረመሩ ሰዎች አንድ ዓይነት ግድፈት ላይ አይገናኙም፤ ሁለቱ ከአንደኛው ገልብጠዋል ማለት ነው። ሦስት ምስክር አቆምሁ ብዬ የነበርሁት አንዱን ሰው ሦስት ጊዜ ጠርቼ ነበር።

ከዚህ የከፋው ግን የግርጌ ማስታወሻዬ ነው። የካስታኞሶን መጽሐፍ አልከፈትሁትም። ከሦስቱ ባንዱ ግርጌ አየሁትና ወሰድሁት። ይህ ውሸት ነው? መጽሐፉ አለ፤ በ1564 ታትሟል፤ ጸሐፊውም ከፖርቱጋሎቹ ጦር ጋር የዘመተ ነው። ሆኖም ስሙን ግርጌ ላይ ሳኖር አንባቢውን «አይቼዋለሁ፤ ሄደህ እይ» እያልሁት ነው። አላየሁም። ቀኑ ትክክል ሆኖ ቢገኝ እንኳ ያቺ «አይቼዋለሁ» ሐሰት ትሆን ነበር። «ካስታኞሶ፣ እገሌ እንደ ጠቀሰው» ብል ኖሮ ግን የሚያሳፍረኝ ነገር አልነበረም፤ አንባቢውም እምነቱን በማን ላይ እንደሚጥል ያውቅ ነበር።

ለነገሩ በሽታው የእኔ ብቻ አይደለም። የግራኝን አሟሟት ሲተርክ ዐረብ ፈቂህን የሚጠቅስ ሰው አጋጥሞኛል። የዐረብ ፈቂህ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ግን ከወይና ደጋ በፊት ባለው ዘመን ያበቃል። ጠቃሹ የመጨረሻውን ገጽ ቢያይ በቂው ነበር።

የመሪጌታው ስሌት ሁሉን አይፈታም። ሁለቱ ቀኖች አንድ አለመሆናቸውን እንጂ ውጊያው በዕለቱ መደረጉን አያስረዳም። ለዚያ ወደ ሰነዶቹ መሄድ የግድ ነው፦ ዋይትዌይ በ1902 በእንግሊዝኛ ወዳወጣው የካስታኞሶ ትረካና ኮንዘልማን በ1895 ፓሪስ ወዳሳተመው የገላውዴዎስ ዜና መዋዕል። ሁለቱም የአሸናፊዎቹ ወገን ድምፅ ናቸውና ስለ ቀኑ ቢታመኑ እንኳ ስለ ጀግንነቱ ሲናገሩ ጠንቀቅ ማለት ይበጃል። ካስታኞሶ የግራኝን ሞት ከፖርቱጋል ጠመንጃ ጋር ማያያዙ አያስደንቅም።

እርማቱን ላክሁ። አዘጋጁ «ትክክለኛውን ቀን ብቻ እናውጣው፤ አሮጌውን ምን አነሣሣው?» አለኝ። አሮጌውም አብሮ ይውጣ ብዬ ድርቅ አልሁ፤ ከእኔ የገለበጠ ሰው ካለ የገለበጠውን ለይቶ ያውቅ ዘንድ። ወጣም፤ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል።

ባለፈው ክረምት የአንድ ወጣት ጥናት እጄ ገባ። «የካቲት 14 ቀን 1535» ይላል። ግርጌው ላይ ስሜ አለ፤ ከስሜ በላይ ደግሞ ካስታኞሶ።