ታገሥ ልበለው ወይስ ተናገር?

ለወዳጄ የማጽናኛ ደብዳቤ ልጽፍ ተቀምጬ «ታገሥ» ከሚለው ቃል ማለፍ አቃተኝ። ጻፍሁት፣ ሰረዝሁት፣ መልሼ ጻፍሁት። ሥራ ያጣ ሰው ምን ሲሉት ይጽናናል? የሚያጽናናው ቃል መልሶ የሚጎዳው ቢሆንስ? ይህ ሳይፈታልኝ ደብዳቤውን መላክ ስለከበደኝ፣ ያሰብሁትን ሁሉ እንደ መጣልኝ እጽፋለሁ።

ወዳጄ አብሮ አደጌ ነው፤ ሁለታችንም የውርጌሳ ልጆች ነን። እሱ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ አራት ዓመት ሠራ። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከሥራ መውጫ ላይ አለቃው ጠርቶ «ሥራ ቀንሷል፣ ሰኞ አትምጣ» አለው። በሩ ላይ ጥበቃው የመታወቂያ ካርዱን ተቀበለው። የስንብት ደብዳቤ አልተሰጠውም። ይልቁንም እሱ ወረቀት እንዲሰጥ ተጠየቀ፦ «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለህ ጻፍና የሥራ ልምድህን ውሰድ» አሉት። አልጻፈም፤ እምቢም አላለም። «አስቤበት እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። እስከ አሁን እያሰበ ነው።

ወሬው ውርጌሳ ሲደርስ እናቱ ቡና አፈሉ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ዱዓ ተደረገ። ከሽማግሎቹ አንዱ «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» አሉና ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «አንተ ፊደል የቆጠርህ ነህ፣ ይህንኑ ጻፍለት» አሉኝ። አዛውንትን መመለስ ነውር ነውና እሺ አልሁ። እሺ ካልሁበት ሰዓት ጀምሮ ግን እንቅልፍ የለኝም።

ይህን ተረት መጀመሪያ የሰማሁት ከአስተማሪዬ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ አስገለበጠን፤ «ምን ያህል ጊዜ ነው የሚታገሡት?» ብሎ የጠየቀውን ልጅ አስንበርክኮ አዋለው። በኋላ ደግሞ የሥነ ዜጋ አስተማሪ መጣና መብትን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በቃል አስጠናን። ፈተና ላይ ጻፍነው፣ አለፍን። መብት የሚጠየቅበት ቀነ ገደብ እንዳለው፣ ቀኑ ካለፈ እንደሚሞት ግን አንዱም አልነገረን። ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። ያ ተንበርክኮ የዋለው ልጅ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር።

መልሱ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በተባለው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውስጥ አለ። ከሥራዬ ያለ አግባብ ተባርሬአለሁና ልመለስ የሚል ሠራተኛ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ ካልከሰሰ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል። ከውሉ መቋረጥ የሚመጣውን ክፍያ የሚጠይቅበት ጊዜ ደግሞ 6 ወር ነው። ታዲያ ተረቱ ስለ ማን ነው የሚናገረው? ሚስቱ ከቤቱ ስላለች ሰው ነው፤ የሚጠብቀው ነገር አብሮት ይጠብቃል። የወዳጄ ነገር ግን አይጠብቀውም፤ እሱ በታገሠ ቁጥር እያለቀ ይሄዳል። ከ3 ወሩ አንዱ አልቋል።

ስንብት በጽሑፍ፣ ምክንያቱና የሚጸናበት ቀን ተገልጾ መሰጠት እንዳለበት ክርክር አያሻውም። የሥራ ምስክር ወረቀትም ቢሆን የሠራ ሰው ሁሉ ይገባዋል፤ በመልቀቂያ የሚለወጥ ዕቃ አይደለም። ያ የተጠየቀው ወረቀት ለምን እንደተፈለገ የሚገባው ግን ሒሳቡ ሲሠራ ነው።

ለስሌት እንዲቀል የወዳጄ አማካይ የቀን ደመወዝ 100 ብር ነው እንበል። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ይህ 3,000 ብር ይሆናል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ሦስት ዓመት ሌላ 3,000 ብር ያመጣል። ድምሩ 6,000 ብር። በሠራተኛ ቅነሳ የወጣ ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም ሌላ 6,000 ብር አለ። ለቅነሳ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታ ስለሆነ፣ ሳይሰጥ ለቀረው ማስጠንቀቂያ ደግሞ 6,000 ብር። በጠቅላላው 18,000 ብር። «በገዛ ፈቃዴ ለቀቅሁ» ብሎ ከፈረመ ግን በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው የስንብት ክፍያ ለማግኘት ቢያንስ 5 ዓመት ማገልገል አለበትና፣ አራት ዓመቱ ባዶ ይሆናል። አንድ መስመር ጽሑፍ የ18,000 ብር ዋጋ ነበራት።

ሌላም የሚጣራ ነገር አለ። ሕጉ «ቅነሳ» የሚለው ከ10 ቀን ባላነሰ ተከታታይ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ ከሠራተኛው 10 በመቶው ሲወጣ ነው። ስለዚህ ከጓደኞቹ ስንቱ እንደወጣ፣ በእሱ ማሽን ላይ አዲስ ሰው ተቀምጦ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ሁለት ሰው ብቻ አስወጥተው በምትካቸው ሌላ ቀጥረው ከሆነ ነገሩ ቅነሳ አይባልም። በቂ ምክንያት የሌለው ስንብት ይሆንና ወደ ሥራ መመለስን ወይም ካሣን የሚያስጠይቅ ሌላ ክርክር ይከፈታል።

እስከዚህ ድረስ መንገዱ ቀና ነበር። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣና ተጣበቀብኝ፦ የፋብሪካው ባለቤትስ?

ይህን የምለው ሩቅ ሆኜ አይደለም። በነሐሴ 2013 ወልድያ ስትያዝ ጦርነቱ በመርሳ አድርጎ ወደ እኛ ወረደ፤ ውርጌሳ የውጊያ መስመር ሆና ከረመች። በጥቅምት መጨረሻ 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ተያዙ፣ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። በሁለት ወሩ ደግሞ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014፣ የኢትዮጵያ ልብስ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚገባበት አጎዋ ተቋረጠ። ሁለቱም ዱላ ያረፈው ሰፍቶ በሚልክ ሰው ላይ ነው። የተዘረፈ ሰውን «አምጣ» ማለት ፍርድ ነው? ይህን እየጻፍሁ መብራት ሄደ፤ በስልኬ ብርሃን እየቀጠልሁ፣ መብራት ሲጠፋ ቆሞ የሚውለውን ማሽን፣ ባለቤቱ ለዚያ ሰዓት የሚከፍለውን ደመወዝ አሰብሁ። ሐሳቡ ይበልጥ ጠነከረብኝ።

መጀመሪያ «ባለ ሀብት ነው፣ አያጣም» ብዬ ልገላገለው ፈለግሁ። ግን ኪሱን አላየሁም፤ ያላየሁትን አልመሰክርም። ይህን መልስ ጣልሁት።

ቀጥሎ ወደ ሕጉ ተመለስሁ። ድርጅቱ ለዘለቄታው ቢዘጋ እንኳ የስንብት ክፍያ ይከፈላል ይላል። እዚህ ላይ ቆምሁ። የዘጋ ሰው ምን አጠፋ? ምንም። እንግዲያው ክፍያው የጥፋት ቅጣት አይደለም፤ ሠራተኛው በአራት ዓመት ውስጥ ያፈራው ነው። ቅጣት ቢሆን ኖሮ የባለቤቱ ንጽሕና ያስቀረው ነበር። ያፈሩት ነገር ግን በሌላው ንጽሕና አይቀርም። ባለቤቱ ጨርቅ በዱቤ ቢወስድና ቢዘረፍ፣ ነጋዴው «አንተም ተጎድተሃልና ይቅር» ይለዋል ወይ? አይለውም፤ ማንም አይፈርድበትም። ታዲያ ጨርቅ ያበደረ እየጠየቀ ጉልበት የሰጠ ለምን ያፍራል?

«ከየት ያምጣ?» የሚለው ቀረ። እዚህም ሕጉ ድህነትን አስቀድሞ ያየ ይመስለኛል፤ ከሥራ ግንኙነት የመጣ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው ይላል። ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ ወረፋው ላይ ፊት የሚቆመው ሠራተኛው ነው ማለት ነው።

ይህም ሆኖ ሐሳቡ አለቀቀኝም። ለወጡት ሲከፍል ቢወድቅና የቀሩትም ቢበተኑ? ወዳጄ አጠገቡ ትሰፋ የነበረችውን የመርሳ ልጅ እንጀራ ሊዘጋ ነው? ሦስት ሌሊት ከዚህ ጋር ታገልሁ። ያገኘሁት መልስ ግማሽ ነው፦ ይቅር ማለት የወዳጄ ድርሻ ነው፤ የአለቃው አይደለም፣ የእኔም አይደለም፣ የሽማግሎቹም አይደለም። ይቅር የሚል ሰው ደግሞ መጀመሪያ ምን እንዳለው ማወቅ አለበት። 18,000 ብሩ ፊቱ ተቆጥሮ «እኩሌታውን ተውሁ» ቢል ደግነት ነው። እንዳለው ሳያውቅ ቢቀርበት ግን ደግነት ሊባል አይችልም፤ ተወሰደበት እንጂ።

ይህ ሲገባኝ ሌላ ተረት ትዝ አለኝ፦ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል»። ይህንንም ያወረሱን አባቶቻችን ናቸው። አስተማሪዬ ለምን ያኛውን ብቻ መርጦ አስገለበጠን? ዝም የሚል ልጅ ለማስተማር ስለሚቀል ይሆናል። ያም ሆነ ይህ ከሁለቱ ተረቶች አንዱን ብቻ የሰጠን ሰው ግማሽ ትምህርት ሰጠን።

ሽማግሎቹ «እኛ እናስታርቃለን፣ ወደ ፍርድ ቤት አይቸኩል» ማለታቸው አይቀርም። ሽምግልናን አልንቅም፤ ወሎ የቆመው በእሱ ነው። ግን ሽማግሌ ሲመላለስ የይርጋው ቀን አይቆምም። የሚያቋርጠው ጉዳዩ ክርክሩን ለማየት ሥልጣን ላለው አካል ሲቀርብ፣ ወይም አሠሪው የሠራተኛውን መብት በግልጽ ሲያምን ነው። በቃል የታመነ ነገር ነገ ይካዳል። ስለዚህ ሽምግልናው ይሁን፤ አሠሪው «ይህን ያህል ይገባዋል» ብሎ በፊርማው ይጻፍ። ካልጻፈ ክሱ ይግባ፣ እርቁም ጎን ለጎን ይቀጥል።

በመጨረሻ ለወዳጄ የጻፍሁት ይህ ነው፦ «ምንም ወረቀት እንዳትፈርም። ደመወዝህ የገባበትን የባንክ ዝርዝር አውጣ፤ አራት ዓመት ለመሥራትህ ማስረጃህ እሱ ነው። አብረውህ የወጡትን ስም ያዝ፣ ምስክር ይሆኑሃል። የስንብት ደብዳቤና የሥራ ምስክር ወረቀት በጽሑፍ ጠይቅ፤ የጠየቅህበትን ቅጂ አስቀር። 3 ወሩ ሳይሞላ የሥራ ክርክር ችሎት ፊት ቅረብ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ተናግረህ ካበቃህ በኋላ ፍርዱ እስኪመጣ ታገሥ፤ የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል የሚባለው ያን ጊዜ ይሠራልሃል።»

ሽማግሎቹ እንደዚህ ጻፍ አላሉኝም፤ ሲሰሙ ይከፋቸው ይሆናል። የመርሳዋ ልጅ ነገርም ሙሉ በሙሉ አልተፈታልኝም። ክሱ ፋብሪካውን ይጎዳው እንደሆን፣ ወዳጄን ነገ የሚቀጥረው ሰው በዚህ ይፈራው እንደሆን አላውቅም። ይህን አሟልቶ የሚመልስልኝ ካለ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ አስተማሪዬም ቢሆን። እስከዚያ ድረስ ግን ቀኑ እየተቆጠረበት ላለ ሰው «ታገሥ» ብቻ ብዬ አልጽፍም።