የማንኪያው ነገር

ና ተቀመጥ ልጄ። ሚስትህም ትምጣና ትስማ፤ አንተም ነገ ማማሰያውን መያዝህ አይቀርም።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ሁለቱንም የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘህልኝ መምጣትህ ስለዚህ ደስ አሰኝቶኛል። የመጀመሪያው በሕማማት ሳምንት የተለካው ነው፤ ኤልዲኤል፣ ያ መጥፎ የሚሉት ኮሌስትሮል፣ 141 ይላል። ያን ቀን ደውለህ «አክስቴ፣ ዳንኩ!» ያልከኝን አልረሳሁም። ወጡ ሳይወጠወጥ ወስከምባዩ ቁጢጥ! ሁለተኛው ጰራቅሊጦስ ሊገባ ሲል የተለካው ነው፤ 166። አንተ ማሽኑን ጠርጥረሃል፤ እኔ ሠላሳ ዓመት በነርስነት ስሠራ ያየሁት ነገር ስለሆነ ማሽኑን አልጠረጥርም። የመጀመሪያው ሃምሳ ቀን ያህል ቅቤና ሥጋ ያልቀመሰ ሰው ደም ነው። ሁለተኛው ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት የበዓለ ኃምሳ ደም ነው። ደምህ ድስትህን ነው የነገረህ።

እስቲ እንቁጠረው። የልጄ ሚስት፣ ለአንተ ድርሻ በቀን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ እንደሚገባ ራስሽ ነግረሽኛል፤ በጠዋቱ ፍርፍር፣ በምሳው ወጥ፣ በማታው ደግሞ ከላይ ጣል የሚደረገው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ውስጥ ስምንት ግራም ያህል የሚረጋ ስብ አለ፤ ሐኪሞች ሳቹሬትድ የሚሉት እሱ ነው። ሦስቱ 24 ግራም ሆነ። በቀን ሁለት ሺህ ካሎሪ ለሚበላ ሰው የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው ከሥጋው፣ ከወተቱና ከሌላውም ጋር ተደምሮ 22 ግራም ገደማ ነው። አንተ ጥብሱ ሳይመጣ በቅቤው ብቻ አለፍከው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉበታችን ኤልዲኤልን ከደም እየለቀመ የሚያስገባባቸው በሮች አሉት። የሚረጋ ስብ ሲበዛ በሮቹ ይቀንሳሉ፤ ኤልዲኤሉም ደጅ ቀርቶ በደም ሥር ሲዞር ይውላል። እንደ ሱፍና ኑግ ያለው ፈሳሽ ዘይት ሲተካ በሮቹ መልሰው ይበዛሉ። «ቅቤው እኮ ተነጥሯል፣ ቆሻሻው ወጥቷል» ትሉኛላችሁ። ሲነጠር የሚወጣው ውሃውና የወተቱ አጓት ነው፤ ስቡ እዚያው ነው። እንዲያውም ውሃው ስለሄደ ማንኪያ በማንኪያ ቢለካ ከለጋው ይልቅ የተነጠረው ይብሳል።

ሦስቱን ማንኪያ ቅቤ በሦስት ማንኪያ የሱፍ አበባ ወይም የኑግ ዘይት ብትተኩት የሚረጋው ስብ ከ24 ወደ አራት እስከ ሰባት ግራም ይወርዳል። ይህ በአማካይ ኤልዲኤልን 18 ነጥብ ያህል ዝቅ ያደርገዋል። የአንተ ልዩነት 25 ነበር፤ የቀረውን ሥጋው፣ ወተቱና ምስሩን ከጾም ጋር መሸኘትህ ያመጡት ይመስለኛል። ለውጡ በሦስትና በአራት ሳምንት ይታያል፤ ዓመት አያስጠብቅም።

ባለፈው ዓመት ግን ቅቤ ተውን ብላችሁ ምን ገዛችሁ? በቢጫ ጀሪካን ያለውን፣ በክረምት ጠዋት እንደ ሻማ የሚጋገረውን። ያ የፓልም ዘይት ነው፤ ከስቡ ግማሽ የሚጠጋው የሚረጋ ነው። የእሱ ሦስት ማንኪያ 20 ግራም ይሰጥሃል። ከቅቤው ጋር ያለው ልዩነት አራት ግራም ብቻ! ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው። የዚያን ዓመቱ ወረቀትህ ንቅንቅ ያላለው ለዚህ ነበር፤ አንተ ግን «የዘይት ነገር ውሸት ነው» ብለህ ወደ ቅቤው ተመለስክ። ጽሑፉን ማንበብ ካቃተህ ትንሽ በብርጭቆ ቀድተህ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረው። የሱፍና የኑግ ዘይት ጠዋት ይፈስሳል፤ ፓልሙ ደንድኖ ይጠብቅሃል። «የጾም ቅቤ» እየተባለ የሚሸጠውም ረግቶ ካየኸው በዚያው ሚዛን መዝነው።

ጣዕሙን አውቃለሁ፤ ያለ ቅቤ ዶሮ ወጥ ለእኔም ይከብደኛል። ቅቤ የሚጣፍጠው ግን ግማሹ በቅመሙ ነው። ግማሽ ሊትር ዘይት በለስላሳ እሳት ላይ ጣዱ፤ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማና ትንሽ አብሽ ጨምሩበት። ጭስ ሳያሳዩት ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይውረድና ይጠለል። ሽንኩርቱን እንደ እናቶቻችን በደረቁ አቁላሉት፤ ሲይዝ ጠብታ ውሃ ጣል እያደረጋችሁ፤ ዘይቱ ኋላ ይግባ፣ ለሰው አንድ ማንኪያ። ከጠርሙሱ ማንቆርቆር የለም። ዘይትም ቢሆን በማንኪያ 120 ካሎሪ አለው፤ ኤልዲኤልህ ወርዶ ቦርጭህ ቢወጣ ምን ዋጋ አለው? ቅቤው ለፋሲካና ለገና፣ ለእንግዳም ይቀመጥ። ዓመቱን ሙሉ ከልክዬህ ደብቀህ እንድትበላ አልፈልግም።

አሁን ወደ ጾሙ። ጾም በራሱ አይጠብቅህም፤ በጾሙ ወቅት ማዕድህ ላይ የሚቀርበው ነው የሚጠብቅህ። በሁዳዴ አጋማሽ ቤታችሁ መጥቼ ያየሁት ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮና ስኳሩ የበዛ ሻይ ነበር። ያም ጾም ተብሎ ይጠራል! የተጠበሰበት ዘይት ደግሞ ያው የሚረጋው ነው፤ ስንቴ እንደተመላለሰ እግዜር ይወቀው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትገድፍ በበሶ ጀምር፤ የገብስ ቃጫ ኮሌስትሮልን ከአንጀት ይዞ የሚያወጣ ነውና። ስኳሩን ቀንስ። ከዚያ ጥራጥሬ፤ ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ አዚፋ ወይም ስልጆ። በቀን 130 ግራም ያህል የተቀቀለ ጥራጥሬ፣ ማለትም አንድ ትልቅ ጭልፋ፣ በየቀኑ ሲበላ ኤልዲኤልን አምስት በመቶ ያህል ይቀንሳል። የአንተን 166 ስምንት ነጥብ ማለት ነው። ጾም ሲያልፍ ምስሩን አትተወው የምልህ ለዚህ ነው። ጎመኑ ሽንኩርቱ በደረቁ ተቁላልቶ ይሠራ። የተልባ ውኃ ወይም የሱፍ ፍትፍት ይኑር፤ ተልባውን ግን ለሳምንት የሚበቃህን ብቻ አስፈጭ፤ ከተፈጨ በኋላ ሲቆይ ይኮመጥጣል፣ ሽታውም ይነግርሃል።

አንድ ነገር አስጠንቅቄህ ልለፍ። የስኳር ክኒን የሚወስድ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ዘመድ ካለህ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከመጾሙ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያነጋግር፤ ስኳሩ ወርዶ ሊጥለው ይችላል፤ ቤተ ክርስቲያንም በሽተኛን አታስገድድም። ኤልዲኤሉ 190 የደረሰ ሰው ደግሞ በምስር ብቻ አይታከምም። በዘር የሚመጣ አለ፤ ክኒን ከታዘዘለት ክኒኑን ይዋጥ፣ ጾም ገባ ብሎም አያቋርጥ።

አንተ ገና 166 ላይ ነህ። «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» እንደሚባለው አንተም ካላየህ አታምንም፤ ስለዚህ እይ። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ወር ሙሉ፣ በፍስኩም ቀን ሳይቀር፣ ማንኪያውን ቁጠርና በዚያው ላቦራቶሪ ተለካ። ሦስተኛውንም ወረቀት ይዘህልኝ ና።